ጭነትን መቋቋም እና የመለኪያ ጫጫታ፦ S + T = 1 የሚከለክለውና የማይከለክለው

ጥያቄ፦ «የ24 ቮልት ዲሲ ሞተር ፍጥነት በፒአይ እቆጣጠራለሁ። ሞተሩ በአንድ ቮልት 10 ራዲያን በሰከንድ ይሰጣል፤ የጊዜ ቋሚው 0.2 ሰከንድ ነው። ኢንኮደሩ በዙር 500 መስመር አለው፣ በአራት ተባዝቶ 2000 ቆጠራ ይሆናል፤ ናሙና የምወስደው በየ5 ሚሊሰከንዱ ነው። የሥራ ፍጥነቱ በደቂቃ 1200 ዙር ሲሆን ጭነቱ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ ይቀላል። የኢንተግራል ጊዜው Ti 0.2 ሰከንድ፣ ጌይኑ Kp ደግሞ 0.2 ሲሆን ፍጥነቱ ከጭነቱ ጋር ይዋዥቃል። Kp ወደ 2 ሳሳድግ ጭነቱን በደንብ ተቋቋመ፤ ነገር ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ድራይቨሩም ይግላል። በመለኪያው ላይ 10 ሚሊሰከንድ የጊዜ ቋሚ ያለው ማጣሪያ ሳስገባ ጩኸቱ ቀነሰ፤ ሞተሩ ግን በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጽሐፉ S + T = 1 ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ላይ ማግኘት አይቻልም ይላል። ታዲያ ምን ባደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦

የእርስዎን ሞተር እያስጮኸ ያለው S + T = 1 አይደለም። S ከጭነቱ ተጽዕኖ ምን ያህሉ በፍጥነቱ ላይ እንደሚቀር፣ T ደግሞ ከመለኪያው ጫጫታ ምን ያህሉ ወደ ፍጥነቱ እንደሚያልፍ ይናገራሉ። ያ እኩልታ እውነት ነው፤ የትኛውም ተቆጣጣሪ ሊያመልጠው አይችልም። ነገር ግን የሚናገረው ስለ አንድ ድግግሞሽ ብቻ ነው። ጭነትዎ በ1 ኸርዝ አካባቢ ነው ያለው፤ የኢንኮደሩ ጫጫታ አብዛኛው ከዚያ በጣም ርቆ በአሥር ኸርዞችና ከዚያ በላይ ይገኛል። ሁለቱ በተለያየ ድግግሞሽ ላይ እስካሉ ድረስ እኩልታው አንዱን ለማግኘት ሌላውን ክፈል አይልም። የሚያስከፍልዎ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም መዘግየት ነው። ከላኩት ቁጥር ተነሥቼ ላሳይዎ።

በሉፑ ውስጥ ማን ወዴት እንደሚሄድ መጀመሪያ እንጻፍ። P ሞተሩ፣ C ተቆጣጣሪው፣ L = P·C ይሁን። ሴንሲቲቪቲ የሚባለው S = 1/(1+L) ነው፤ ኮምፕሊመንተሪ ሴንሲቲቪቲ ደግሞ T = L/(1+L)። ጭነቱን በሞተሩ መግቢያ ላይ እንደተጨመረ ቮልቴጅ ቆጥረን d ብንለው፣ የመለኪያውን ጫጫታ n፣ የሚፈለገውን ፍጥነት r ብንል፣ ፍጥነቱ y እና ለሞተሩ የሚሰጠው ቮልቴጅ u እንዲህ ይሆናሉ፦

```
y = P·S·d + T·(r - n)
u = C·S·(r - n) - T·d
```

የመጀመሪያው መስመር በየመጽሐፉ ይገኛል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ የእርስዎ ሞተር ጩኸት ግን ያለው እዚያ ነው። በከፍተኛ ድግግሞሽ S ወደ 1 ይጠጋል፣ C ደግሞ ወደ Kp። ስለዚህ ጫጫታው ወደ ሞተሩ የሚሄደው በ T ተጣርቶ ሳይሆን በ Kp ተባዝቶ ነው።

ምን ያህል እንደሆነ እንይ። በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ የአንድ ቆጠራ ልዩነት ማለት 2π/(2000 × 0.005) = 0.63 ራዲያን በሰከንድ ነው፤ በደቂቃ 6 ዙር ማለት ነው። ሞተሩ ፍጹም በተስተካከለ ፍጥነት ቢዞር እንኳን አንዱ ናሙና 200፣ ቀጣዩ 201 ሊቆጥር ይችላል። Kp 2 ሲሆን ይህቺ አንዲት ቆጠራ የቮልቴጁን ትእዛዝ በ1.26 ቮልት ታዘልለዋለች። በ1200 ዙር ሞተሩ የሚያስፈልገው በአማካይ 12.6 ቮልት ገደማ ስለሆነ በየናሙናው አንድ አሥረኛው ይዘላል ማለት ነው። ጠመዝማዛው ለዚህ ዝላይ በጅረት ይመልሳል፤ ድራይቨሩን የሚያግለውና የሚጮኸው እርሱ ነው። ፍጥነቱን በግራፍ ቢያዩት ግን ለስላሳ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱም የሮተሩ ክብደት ይህን ዝላይ ይውጠዋል። በ100 ኸርዝ የ T መጠን 0.16 ያህል ብቻ ነው። T ን ብቻ እየተመለከተ «ጫጫታው ተጣርቷል» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ u ን አብሮ መመዝገብ የግድ ነው።

አሁን ወደ መዘግየቱ። Ti ከሞተሩ የጊዜ ቋሚ ጋር እኩል ማድረግዎ ስሌቱን ቀላል አድርጎታል፤ የሞተሩና የፒአዩ አባላት ተጣፍተው ሉፑ L = ωc·e^(-s·Td)/s ይሆናል፤ የሉፑ ጌይን 1 የሚሆንበት ድግግሞሽ ωc = 50·Kp ነው። ቀሪው መዘግየቱ Td ነው። ማንም ፕሮግራም ውስጥ አልጻፈውም፤ ግን አለ። ቆጠራን በናሙናው ጊዜ ማካፈል የ5 ሚሊሰከንዱን አማካይ ስለሚሰጥ 2.5 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ቮልቴጁ እስከሚቀጥለው ናሙና ባለበት መቆየቱ ሌላ 2.5 ይጨምራል። ስሌቱ የሚወጣው በቀጣዩ ናሙና ላይ ከሆነ፣ እንደ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማለቴ ነው፣ ተጨማሪ 5 ሚሊሰከንድ አለ። ድምሩ 10 ሚሊሰከንድ ነው።

ይህን ይዘን ሦስት Kp እናወዳድር። Kp 0.2 ሲሆን በ1 ኸርዝ ላይ የ S መጠን 0.55 ነው፤ ማለትም ተቆጣጣሪው የጭነቱን ተጽዕኖ በግማሽ እንኳን አልቀነሰውም፤ መዋዠቁ የሚጠበቅ ነበር። Kp 1 ላይ 0.126 ይሆናል፤ ስምንት እጅ ቀነሰ። Kp 2 ላይ ደግሞ 0.063። እስከዚህ ድረስ ጌይን መጨመር ትርፍ ብቻ ይመስላል። ሂሳቡ የሚመጣው ከፍ ባለው ድግግሞሽ ላይ ነው። Kp 0.2 ላይ የ S ከፍተኛ ጫፍ 1.09 ነው፤ ከቁጥር አይገባም። Kp 1 ላይ በ115 ራዲያን በሰከንድ አካባቢ 1.59 ይደርሳል። Kp 2 ላይ በ138 ራዲያን በሰከንድ 3.13 ይሆናል። በዚያ ድግግሞሽ የሚመጣ ማንኛውም ረብሻ ተቆጣጣሪው ባይኖር ከሚያደርሰው ሦስት እጥፍ በላይ ያደርሳል ማለት ነው።

ይህ የእርስዎ ሞተር ጠባይ ብቻ አይደለም። የቤል ላቦራቶሪው ሄንድሪክ ቦዴ ያረጋገጠው ሕግ ነው፤ ሥራው በመጽሐፍ የወጣው በ1945 ነው። ሉፑ ሳይዘጋ በፊት ያልተረጋጋ ነገር ከሌለበትና መዘግየት ካለበት፣ የ S ሎጋሪዝም በድግግሞሾች ሁሉ ላይ ተደምሮ ዜሮ ነው፦

```
∫ ln|S(jω)| dω = 0     (ω ከ 0 እስከ ∞)
```

በዝቅተኛ ድግግሞሽ |S| ከ1 በታች ሆኖ ያገኙትን ስፋት በከፍተኛው ድግግሞሽ ከ1 በላይ ሆኖ መልሰው ይከፍሉታል። ምርጫዎ የት እና በምን ቅርጽ እንደሚከፍሉ ነው። በሰፊው ቦታ ላይ ዝቅ አድርጎ መክፈል ይቻላል፤ በጠባብ ቦታ ላይ አስረዝሞ መክፈልም ይቻላል። Td ሰፊውን ቦታ ያጠብብዎታል፤ ስለዚህ ጫፉ ይረዝማል። ከ Kp 1 ወደ 2 ሲሄዱ የጭነቱ ተጽዕኖ ከ12.6 በመቶ ወደ 6.3 በመቶ ወረደ፤ ለዚህች ለውጥ ግን ጫፉ እጥፍ ሆነ። በእኔ ግምት ይህ መጥፎ ግዢ ነው። በተግባር የ S ጫፍ ከ2 እንዳያልፍ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ እኔ ለሞተር ፍጥነት 1.6 ላይ መቆም እመርጣለሁ። ጭነቱ ሲለዋወጥ የሞተሩ ቁጥሮችም ስለሚለዋወጡ ያ ትርፍ ቦታ ያስፈልጋል።

S + T = 1 በትክክል የሚናከሰው እዚህ ጫፍ አካባቢ ነው። S እና T አንግል ያላቸው ውስብስብ ቁጥሮች ናቸው፤ ድምራቸው 1 ነው ማለት መጠናቸው ተደምሮ 1 ይሆናል ማለት አይደለም። በ20 ኸርዝ፣ Kp 2 ላይ ሆነው ቢያሰሉ |S| = 2.9፣ |T| = 2.3 ያገኛሉ። ሁለቱም በአንድ ላይ ከ1 በላይ ናቸው፤ በዚያ ድግግሞሽ ረብሻም ጫጫታም አንድ ላይ ይጎላሉ። 20 ኸርዝን የመረጥኩት በአጋጣሚ አይደለም፤ በደቂቃ 1200 ዙር ማለት በሰከንድ 20 ዙር ነው። በዘንጉ ላይ በየዙሩ የሚደጋገም ማንኛውም ጉድለት በትክክል በጫፉ ላይ ይወድቃል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ማጣሪያው ለምን እንዳንቀጠቀጠው አሁን ግልጽ ነው። 10 ሚሊሰከንድ የጊዜ ቋሚ ያለው ማጣሪያ በሉፑ ድግግሞሽ አካባቢ ከሌላ 10 ሚሊሰከንድ መዘግየት የሚለየው በጥቂት ነው። Kp 2 ላይ ማጣሪያ ሳይኖር የፌዝ ማርጂንዎ፣ ማለትም ሉፑ ራሱን ከማንቀጥቀጡ በፊት የሚቀረው ትርፍ አንግል፣ 33 ዲግሪ ነበር፤ ያም ጠባብ ነው። ማጣሪያው ሲገባ የሉፑ ጌይን 1 የሚሆንበት ድግግሞሽ ወደ 79 ራዲያን በሰከንድ ይወርዳል፤ እዚያ መዘግየቱ 45 ዲግሪ፣ ማጣሪያው 38 ዲግሪ ይወስዳሉ፣ የሚተርፈው 7 ዲግሪ ገደማ ነው። ፌዙ 180 ዲግሪ የሚሞላው በ86 ራዲያን በሰከንድ ነው፤ ያ 13.7 ኸርዝ ነው። በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል ያሉት ከዚህ ጋር ስለሚገጥም የ10 ሚሊሰከንዱ ግምት ከእውነቱ ሩቅ እንዳልሆነ ያረጋግጥልኛል። ያልቆጠርናት ትንሽ ተጨማሪ መዘግየት፣ ለምሳሌ የጠመዝማዛው የኤሌክትሪክ የጊዜ ቋሚ፣ ያቺን 7 ዲግሪ ልትበላት ትችላለች።

ቁጥሮቹን ራስዎ እንዲያረጋግጡ አጭር ፕሮግራም ይኸውና፤ Kp እና Td ን እየቀያየሩ ይሞክሩት።

```python
import numpy as np
Kp, Ti, K, tau, Td = 1.0, 0.2, 10.0, 0.2, 0.010
w = np.logspace(0, 2.7, 3000)
s = 1j*w
L = Kp*(1 + 1/(Ti*s)) * K/(tau*s + 1) * np.exp(-s*Td)
S, T = 1/(1+L), L/(1+L)
i = abs(S).argmax()
print(w[i], abs(S[i]), abs(T).max())
```

ታዲያ ምን ይደረግ? ዛሬውኑ ማጣሪያውን አውጥተው Kp ን 1 ያድርጉት። የጭነቱ ተጽዕኖ ከመጀመሪያው ሁኔታዎ ከአራት እጥፍ በላይ ያነሰ ይሆናል፣ የፌዝ ማርጂኑ 61 ዲግሪ ይሆናል፣ የቮልቴጁም ዝላይ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ማሽኑን ያሠራል። ነገር ግን 0.63 ቮልት በየናሙናው መዝለሉ አሁንም ብዙ ነው፤ ችግሩ ከሥሩ አልተነቀለም።

ሥሩ ያለው ፍጥነቱ በሚለካበት መንገድ ላይ ነው። ቆጠራን በጊዜ ማካፈል ሲጠቀሙ ጥራቱ የተገደበው በአንድ ቆጠራ ነው። ከዚህ ይልቅ ጊዜን ይለኩ። ማይክሮኮንትሮለሩ የኢንኮደሩ መስመር ያለፈበትን ቅጽበት በ1 ማይክሮሰከንድ ጥራት መመዝገብ የሚችል ሰዓት ቆጣሪ ካለው፣ በናሙናው ውስጥ ያለፉትን ሙሉ መስመሮች ብዛት በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጠርዝ መካከል ላለው ጊዜ ያካፍሉ። ከአራቱ ጠርዞች ሁልጊዜ አንዱን ብቻ ይጠቀሙ፣ ለምሳሌ የ A መስመር ወደ ላይ የሚወጣበትን፤ በ A እና በ B መካከል ያለው ርቀት በርካሽ ኢንኮደሮች ላይ እኩል ስላልሆነ አራቱን መቀላቀል አዲስ ጫጫታ ያመጣል።

ይህ ሲሆን የናሙናውን ጊዜም ማሳጠር ይቻላል። 2 ሚሊሰከንድ ይሁን እንበል። በ1200 ዙር በሰከንድ 10,000 መስመሮች ስለሚያልፉ በአንድ ናሙና 20 ያህል ያገኛሉ። 1 ማይክሮሰከንድ ከ2 ሚሊሰከንድ 0.05 በመቶ ነው፤ ከ125.7 ራዲያን በሰከንድ 0.063 ብቻ ይሆናል፤ ቀድሞ ከነበረው አንድ አሥረኛ ማለት ነው። መዘግየቱ ደግሞ ከናሙናው ጋር አብሮ ስለሚያጥር ከ10 ወደ 4 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። የ S ጫፍ የሚወሰነው በ ωc·Td ብዜት ብቻ ስለሆነ፣ ያንኑ 1.59 ጠብቀው ωc ን ወደ 125 ማሳደግ ይችላሉ። ያ Kp 2.5 ነው። ውጤቱን ከቀድሞው Kp 2 ጋር ያስተያዩት፦ የጭነቱ ተጽዕኖ ከ6.3 በመቶ ወደ 5 በመቶ ወረደ፣ የ S ጫፍ ከ3.13 ወደ 1.59 ወረደ፣ የቮልቴጁ ዝላይም ከ1.26 ወደ 0.16 ቮልት ወረደ። ሁሉም በአንድ ላይ ተሻሻለ። S + T = 1 ደግሞ እንደ ቀድሞው በየድግግሞሹ ይሠራል፤ የቦዴም ሕግ አልተሻረም፤ የሚከፈለውን በሰፊ ቦታ ላይ አነጣጠፍነው እንጂ።

አንድ ወጥመድ አለ። መለኪያውን ሳይቀይሩ ናሙናውን ብቻ ወደ 2 ሚሊሰከንድ ካሳጠሩት አንድ ቆጠራ በደቂቃ 15 ዙር ትሆናለች፤ በ Kp 2.5 ሲባዛ ወደ 4 ቮልት የሚጠጋ ዝላይ ነው። ናሙናን ማፍጠን ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚለውን ምክር የሰማ ሰው እዚህ ይደናገራል። ሁለቱ ለውጦች አብረው ነው መምጣት ያለባቸው። ሌላው ገደብ ዝቅተኛ ፍጥነት ነው፤ በደቂቃ 60 ዙር ላይ አንድ መስመር በየ2 ሚሊሰከንዱ ብቻ ስለሚያልፍ ከዚያ በታች አዲስ ጠርዝ የማያዩ ናሙናዎች ይኖራሉ። ሥራዎ እስከዚያ የሚወርድ ከሆነ ለዝቅተኛው ፍጥነት Kp ን መቀነስ ያስፈልጋል።

S ን በወረቀት ብቻ አትመኑት፤ በማሽኑ ላይ መለካት ይቻላል። በሚፈለገው ፍጥነት ላይ በደቂቃ 20 ዙር ስፋት ያለው ሳይን ይጨምሩና ስሕተቱን ይመዝግቡ። የስሕተቱን ስፋት ለ20 ሲያካፍሉ |S| ይገኛል፤ የሚለካውን የፍጥነት ለውጥ ለ20 ሲያካፍሉ |T| ይገኛል። ከ2 እስከ 50 ኸርዝ ድረስ በጥቂት ድግግሞሾች ይሞክሩ፣ በእያንዳንዱም ብዙ ዑደቶችን ያማክሉ። 20 ኸርዝን ግን ይዝለሉት፤ የዘንጉ የራሱ ድግግሞሽ ስለሆነ ልኬቱን ያበላሸዋል። ቮልቴጁ 0 ወይም 24 እንዳይነካ ይጠብቁ፤ ከነካ የሚለኩት S አይደለም። በዝቅተኛ ድግግሞሽ ልኬቱ ከስሌቱ ጋር ተስማምቶ ጫፉ ላይ ከስሌቱ በልጦ ከተገኘ ያልተቆጠረ መዘግየት አለ ማለት ነው፤ ልኬቱ ከስሌቱ እስኪገጥም Td ን እያሳደጉ ምን ያህል እንደሆነ ያገኙታል።

ወደ 20 ኸርዙ ልመለስ። በአዲሱ አቀማመጥ በ20 ኸርዝ |S| 0.985፣ |T| 0.98 ነው። ተቆጣጣሪው በየዙሩ የሚመጣውን እውነተኛ ረብሻ አያጎላውም፣ አይቀንሰውም። ነገር ግን የኢንኮደሩ ዲስክ ከዘንጉ መሐል ትንሽ ወጣ ብሎ ተተክሎ ከሆነ መለኪያው በየዙሩ ይዋሻል፤ T ወደ 1 ስለሚጠጋ ሞተሩ ያንን ውሸት በታማኝነት ይከተላል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው መዋዠቅ አይጠፋም፣ ዘንጉም አሁን በእውነት ይዋዥቃል። ከሉፑ ውስጥ ሆኖ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ተቆጣጣሪው የሚያየው ድምራቸውን ብቻ ነውና።

ለመለየት ሉፑን ይክፈቱ። ሞተሩን በቋሚ ቮልቴጅ መጀመሪያ በ600፣ ቀጥሎም በ1200 ዙር ያሽከርክሩና በየዙሩ የሚደጋገመውን የፍጥነት መዋዠቅ ስፋት ያነጻጽሩ። መንሥኤው ሚዛን ያልጠበቀ ክብደት ከሆነ፣ በአግድም ዘንግ ላይ የሚያመጣው የማዞር ኃይል ቋሚ ስለሆነና ሮተሩም በፍጥነት የሚለዋወጥን ኃይል በይበልጥ ስለሚቋቋም፣ መዋዠቁ በ1200 ላይ በግማሽ ይቀንሳል። መንሥኤው የዲስኩ አተካከል ከሆነ የማዕዘኑ ስሕተት ቋሚ ነው፤ ፍጥነት ሲሆን ከዙሩ ጋር ስለሚያድግ በ1200 ላይ እጥፍ ይሆናል። በሁለቱ መካከል አራት እጥፍ ልዩነት ስላለ በዓይን ይለያሉ። የመጀመሪያው ከሆነ ክብደቱን ማመጣጠን፣ ወይም የዘንጉን ማዕዘን ተከትሎ የሚጨመር የቮልቴጅ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው ከሆነ የአንድ ሙሉ ዙር የመስመር ስሕተት ሰንጠረዥ ሠርተው ከመለኪያው ላይ ይቀንሱ፤ ይህም ፍጥነቱ ወደ ተቆጣጣሪው ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት።